ከTTA ወደ TTT፦ በወባ ትንኝ ጂን ውስጥ አንዲት ቤዝ ስትለወጥ የኮዶን ሰንጠረዥ እንዴት ይነበባል?

ጥያቄ፦ «በደብረ ማርቆስ የሕክምና ላቦራቶሪ ተማሪ ነኝ፤ ትውልዴ ጃቢ ጠህናን ነው። በእኛ አካባቢ አጎበር ላይ ያረፈች የወባ ትንኝ እንደ ድሮው አትሞትም ይባላል። መምህራችን ‹አንዱ ምክንያት በትንኟ ጂን ውስጥ TTA የነበረው TTT መሆኑ ነው፤ ሉሲን በፊናይልአላኒን ተተክቷል› አሉን። እኔ ግን TTAን ወደ AAU፣ TTTን ወደ AAA ቀይሬ ሰንጠረዡን ሳነብ ከአስፓራጂን ወደ ላይሲን ሆነብኝ። ጓደኛዬ ደግሞ ሦስተኛዋ ቤዝ ስትለወጥ ሁልጊዜ ሳይለንት ነው ይላል። ማን ነው ትክክል? ሚውቴሽን ጉዳት ከሆነስ ትንኟ እንዴት በረታች?»

መልስ፦ መምህርዎ ትክክል ናቸው። የእርስዎ ስህተት ከሰንጠረዡ በፊት፣ በክር ምርጫው ላይ የተፈጠረ ነው። የጓደኛዎ ስህተት ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚሠራን ልማድ እንደማይሻር ሕግ መቁጠሩ ነው።

ዲኤንኤ ሁለት ክሮች አሉት። ኤምአርኤንኤ የሚቀዳው ቴምፕሌት ከሚባለው ክር ላይ ነው፤ በመሆኑም የኤምአርኤንኤው ፊደላት የቴምፕሌቱ ተጣማሪዎች ናቸው። ሌላኛው፣ ኮዲንግ የሚባለው ክር፣ እሱም የቴምፕሌቱ ተጣማሪ ስለሆነ፣ በT ቦታ U ከመግባቱ በቀር ከኤምአርኤንኤው ጋር ፊደል በፊደል አንድ ነው። በመጻሕፍትም ሆነ በጂን ማኅደሮች ውስጥ ስለ ኮዶን ሲወራ፣ ሌላ ማስታወሻ ካልተጨመረ በስተቀር፣ የሚጻፈው ኮዲንግ ክሩ ነው፤ አጻጻፉም ከ5' ወደ 3' ነው። መምህርዎ TTA ሲሉ የኮዲንጉን ክር ማለታቸው ስለሆነ፣ የሚጠበቅብዎ Tን በU መተካት ብቻ ነበር፤ TTA ወደ UUA፣ TTT ወደ UUU። እርስዎ ግን ተጣማሪ የማያስፈልገውን ክር አጣመሩ፤ ስለዚህ ያገኙት AAU በዚህ ጂን ኤምአርኤንኤ ላይ በዚያ ቦታ የሌለ ኮዶን ነው።

በአኖፊለስ ጋምቢዬ ወገን ትንኞች ጂን ውስጥ የዚህችን ቦታ ዙሪያ ብንጽፈው እንዲህ ይመጣል፦

```
ኮዲንግ ክር     5'-GGA AAT TTA GTC-3'
ቴምፕሌት ክር    3'-CCT TTA AAT CAG-5'
ኤምአርኤንኤ     5'-GGA AAU UUA GUC-3'
```

በአገራችን ዋናዋ የወባ አስተላላፊ የሆነችው አኖፊለስ አራቢየንሲስ የዚሁ ወገን ናት። ሦስተኛውን መስመር በሰንጠረዡ ስናነበው ግላይሲን፣ አስፓራጂን፣ ሉሲን፣ ቫሊን ይሆናል። አስፓራጂን እዚህ አለ፤ ነገር ግን የእኛ ኮዶን ሳይሆን ከእሱ በፊት ያለው ነው።

ቴምፕሌቱ በጥያቄ ወረቀት ላይ ሲሰጥ ደግሞ አቅጣጫው ካልታየ ስህተቱ ይብሳል። ከላይ እንደተጻፈው 3'-AAT-5' ተብሎ ከተሰጠዎ፣ ከግራ ወደ ቀኝ እያጣመሩ 5'-UUA-3' ያገኛሉ፤ ትክክል ነው። ያው ክር ከ5' ወደ 3' ተጽፎ 5'-TAA-3' ተብሎ ከተሰጠዎ ግን፣ ከግራ ወደ ቀኝ ብቻ አጣምረው ቢተዉት AUU ይወጣል፤ ይህም በሰንጠረዡ ላይ አይሶሉሲን ነው። የተገኘው AUU የተጻፈው ከ3' ወደ 5' ስለሆነ፣ ተገልብጦ UUA ሆኖ መነበብ ነበረበት። ሳያጣምሩ በቀጥታ ቢያነቡት ደግሞ UAA፣ ማለትም የማቆሚያ ኮዶን፣ ያገኛሉ። ያው አንድ ቦታ በሦስት ዓይነት ጥድፊያ አስፓራጂን፣ አይሶሉሲን ወይም ማቆሚያ ሆኖ ሊቀርብ ይችላል ማለት ነው። ሰንጠረዡ ለተሰጡት ማናቸውም ሦስት ፊደላት መልስ ስለሚሰጥ፣ የተሳሳተ ነገር እንደሰጡት አይነግርዎትም።

ሦስተኛው ቅድመ ሁኔታ የንባብ ማዕቀፉ ነው፤ ማለትም ሦስት ሦስቱ ፊደል የሚቆረጠው ከየት ጀምሮ እንደሆነ። ሙሉ ኤምአርኤንኤ ሲሰጥዎ የመጀመሪያውን መጀመሪያ ኮዶን AUG ፈልገው ከዚያ ይቆርጣሉ። እንደዚህኛው ከጂኑ መካከል የተቀነጨበ ሲሆን ግን፣ ማዕቀፉ ከሙሉው ቅደም ተከተል ታውቆ መምጣት አለበት እንጂ ከቁራጩ መጀመሪያ ፊደል ተነሥቶ አይገመትም። ከላይ ያለውን ቁራጭ አንድ ፊደል ዘግይተው ቢጀምሩት GAA ATT TAG ይሆናል፤ ግሉታሚክ አሲድ፣ አይሶሉሲን፣ ማቆሚያ። ሁለት ፊደል ዘግይተው ቢጀምሩት ደግሞ AAA TTT AGT ይሆናል፤ ላይሲን፣ ፊናይልአላኒን፣ ሴሪን። የመጨረሻውን ልብ ይበሉ፦ ምንም ያልተለወጠው፣ ጤነኛው ጂን ላይ ሐሰተኛ TTT ወጣ። ማዕቀፉን የሳተ ሰው መድኃኒት የምትፈራውን ትንኝ «ሚውቴሽን አለባት» ብሎ ሊመዘግብ ይችላል።

እነዚህ ሦስቱ ከተረጋገጡ በኋላ ንባቡ ራሱ ቀላል ነው። በተለመደው ሰንጠረዥ የመጀመሪያዋን ቤዝ በግራ ጠርዝ፣ ሁለተኛዋን ከላይ፣ ሦስተኛዋን በቀኝ ጠርዝ ይፈልጋሉ። U፣ U፣ A ሉሲን ላይ ያደርስዎታል፤ U፣ U፣ U ደግሞ በዚያው ሣጥን ውስጥ ፊናይልአላኒን ላይ። አሚኖ አሲዱ በሌላ አሚኖ አሲድ ስለተተካ ለውጡ ሚስሴንስ ነው። ሳይለንት ቢሆን አሚኖ አሲዱ ያው በሆነ ነበር፤ ኖንሴንስ ቢሆን ደግሞ ኮዶኑ ከ UAA፣ UAG ወይም UGA አንዱን በሆነ ነበር።

አሁን ወደ ጓደኛዎ ሐሳብ እንምጣ። ለመፈተን የሚሻለው መንገድ ይህችኑ UUAን ይዞ አንድ ጊዜ አንዲት ቤዝ ብቻ ቢለወጥ ወዴት ልትሄድ እንደምትችል ሁሉንም መጻፍ ነው። ለእያንዳንዷ ቦታ ሦስት ምትክ ስላለ ጎረቤቶቿ ዘጠኝ ናቸው። የመጀመሪያዋ ቤዝ ስትለወጥ CUA፣ AUA እና GUA ይመጣሉ፤ በቅደም ተከተል ሉሲን፣ አይሶሉሲን እና ቫሊን። ሁለተኛዋ ስትለወጥ UCA፣ UAA እና UGA ይመጣሉ፤ የመጀመሪያው ሴሪን፣ ሁለቱ ማቆሚያዎች። ሦስተኛዋ ስትለወጥ UUG፣ UUU እና UUC ይመጣሉ፤ የመጀመሪያው ሉሲን፣ ሁለቱ ፊናይልአላኒን። በድምሩ ሁለት ሳይለንት፣ አምስት ሚስሴንስ፣ ሁለት ኖንሴንስ ነው።

ከሁለቱ ሳይለንቶች አንዱ የመጣው ከመጀመሪያዋ ቤዝ ነው፤ በሦስተኛዋ ቤዝ ላይ ከሚደርሱት ሦስት ለውጦች ደግሞ ሁለቱ ሚስሴንስ ናቸው። የጓደኛዎ ሕግ በዚህች ኮዶን ላይ በሁለቱም በኩል ይፈርሳል ማለት ነው። ሕጉ ያለ እንከን የሚሠራው በስምንት ሣጥኖች ውስጥ ብቻ ነው፤ ማለትም የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቤዞች CU፣ GU፣ UC፣ CC፣ AC፣ GC፣ CG ወይም GG ሲሆኑ፣ ሦስተኛዋ ማንም ብትሆን አሚኖ አሲዱ አይለወጥም። በቀሩት ሣጥኖች ሦስተኛዋ ቤዝ ወሳኝ ናት። በተለይ ብቸኛ ኮዶን ያላቸውን ሁለቱን ማየት ይበቃል፦ የሜቲዮኒን AUG ሦስተኛ ቤዟ በማንኛውም ብትተካ አይሶሉሲን ይሆናል፤ የትሪፕቶፋን UGG ደግሞ ሦስተኛዋ ወደ A ብትለወጥ ማቆሚያ ይሆናል። በጠቅላላው አሚኖ አሲድ ከሚሰይሙት 61 ኮዶኖች በአንዲት ቤዝ ለውጥ ሊፈጠሩ ከሚችሉት 549 ለውጦች ውስጥ ሳይለንት የሚሆኑት 134 ብቻ ናቸው፤ 392ቱ ሚስሴንስ፣ 23ቱ ኖንሴንስ ናቸው።

ስለዚህ የቤዟን ተራ አይተው አይፍረዱ፤ ሁለቱንም ኮዶኖች፣ የድሮውንም የአዲሱንም፣ በሰንጠረዡ ላይ ፈልገው ያነጻጽሩ።

እዚህ ላይ መጻሕፍት አልፈውት የሚሄዱትን አንድ ነገር ልጨምር፤ ምክንያቱም «ሳይለንት ማለት ምንም አልሆነም ማለት ነው» የሚለውን አስተሳሰብ የሚያርመው ይህ ነው። በአንዲት ትንኝ ላይ UUA ወደ CUA ተለወጠ እንበል። ፕሮቲኑ አልተለወጠም፤ ሉሲን ነው። ነገር ግን የCUAን ዘጠኝ ጎረቤቶች ብንጽፍ ሉሲን አራት ጊዜ፣ ከዚያ አይሶሉሲን፣ ቫሊን፣ ፕሮሊን፣ ግሉታሚን እና አርጂኒን ይወጣሉ። ፊናይልአላኒን የለም፤ ሴሪን የለም፤ ማቆሚያም የለም። ከCUA ተነሥቶ ፊናይልአላኒን ላይ ለመድረስ ሁለት ለውጥ ያስፈልጋል። ዛሬ ምንም ያልታየበት ሳይለንት ለውጥ፣ ነገ በአንድ እርምጃ ሊደረስባቸው የሚችሉትን አሚኖ አሲዶች ለወጠ ማለት ነው። ሉሲን ስድስት ኮዶን ስላለው «ሉሲን ነበር» ብሎ መጻፍ አይበቃም፤ የትኛው የሉሲን ኮዶን እንደነበር መጻፍ ግዴታ ነው።

በሌላ በኩል ሳይለንት ለውጥ በራሱ በሽታ የሚያመጣበት ጊዜም አለ። በሰው የቤታ ግሎቢን ጂን 24ኛ ኮዶን ላይ GGT ወደ GGA የሚለወጥበት የታወቀ ሚውቴሽን አለ። በሰንጠረዡ ሁለቱም ግላይሲን ናቸው፤ ስለዚህ ለፈተና ወረቀት መልሱ ሳይለንት ነው። ሆኖም ያቺ አንዲት ፊደል በዚያ አካባቢ ያለውን የተደበቀ የመቁረጫ ምልክት ስለምታነቃቃው፣ ኤምአርኤንኤው ኢንትሮኖቹ ሲወገዱለት በከፊል ያለ ቦታው ይቆረጣል፤ ጤናማው ግሎቢን ያንሳል፣ ቤታ ታላሲሚያ የተባለው የደም ማነስም ይከተላል። የኮዶን ሰንጠረዥ የሚያውቀው ተቆርጦና ተገጣጥሞ ያለቀ ኤምአርኤንኤን ብቻ ነው፤ አቆራረጡ ራሱ ሲበላሽ ሊያውቅ አይችልም። «ሳይለንት» የሚለው ቃል ስለ አሚኖ አሲዱ እንጂ ስለ ፍጡሩ ጤንነት የተሰጠ ፍርድ አይደለም።

አሁን ትንኟ እንዴት በረታች ወደሚለው እንሂድ። ይህ ጂን የሚሠራው በነርቭ ሕዋስ ሽፋን ላይ የሚገኘውን የሶዲየም መተላለፊያ ነው። መተላለፊያው ለቅጽበት ተከፍቶ ሶዲየም ያስገባና ይዘጋል፤ የነርቭ መልእክት የሚጓዘው በዚህ ነው። አጎበር የሚነከርባቸው ፓይረትሮይዶች፣ እንዲሁም በአገራችን ለአሥርተ ዓመታት ቤት ለቤት ሲረጭ የኖረው ዲዲቲ፣ የሚሠሩት በዚሁ መተላለፊያ ላይ ነው፦ በጊዜው እንዳይዘጋ ያደርጉታል፤ ነርቩ ያለማቋረጥ ይተኩሳል፤ ትንኟ ተሽመድምዳ ትወድቃለች፤ ከዚያም ትሞታለች። በ1014ኛው ቦታ ላይ ሉሲን በፊናይልአላኒን ሲተካ መተላለፊያው መከፈትና መዘጋቱን ይቀጥላል፤ መድኃኒቱ ግን እንደ በፊቱ ሊሠራበት አይችልም። ሌላው የታወቀ ለውጥ፣ TTA ወደ TCA ሆኖ ሉሲን በሴሪን የሚተካበት፣ በተመሳሳይ መንገድ ይሠራል።

ይህንን በሰንጠረዡ ብቻ መገመት አይቻልም ነበር። ሉሲንና ፊናይልአላኒን ሁለቱም ውኃ የሚጠሉ አሚኖ አሲዶች ናቸው፤ በተለመደው አነጋገር ተቀራራቢ ስለሆኑ ብዙ ተማሪ «ለውጡ ቀላል ነው» ብሎ ይጽፋል። ሴሪን ግን ውኃ የሚወድ ስለሆነ «ለውጡ ከባድ ነው» ይባላል። በተግባር ግን ሁለቱም ያው የመድኃኒት መቋቋም ላይ ያደርሳሉ። የሚስሴንስ ውጤት የሚወሰነው አዲሱ አሚኖ አሲድ በባሕርይው ከድሮው ጋር በመመሳሰሉ ብቻ ሳይሆን፣ ቦታው በፕሮቲኑ ውስጥ ምን እንደሚሠራ፣ እዚያ ምን እንደሚነካና ትርፍ ቦታ እንዳለው ጭምር ነው።

«ሚውቴሽን ጉዳት ከሆነ» ያሉት አነሣስም መታረም አለበት። ሚውቴሽን ለውጥ ነው፤ ጉዳት ወይም ጥቅም የሚሆነው በሚኖርበት ሁኔታ ነው። አጎበር በሌለበት አገር ይህ ለውጥ ለትንኟ የሚጨምርላት ነገር ላይኖር ይችላል፤ አጎበር በተሰቀለበት ቤት ግን ነፍሷን ያተርፋል። መድኃኒቱም ቢሆን TTAን ወደ TTT አይለውጥም። ለውጡ በጂን ቅጂ ወቅት በአጋጣሚ የሚፈጠር ነው፤ መድኃኒቱ የሚያደርገው TTA ያላቸውን ገድሎ TTT ያላቸውን ለመራባት መተው ነው። ስለዚህ «ትንኟ መድኃኒቱን ለመደችው» የሚለው አነጋገር የሚሆነውን ነገር በትክክል አይገልጸውም፤ የተለወጠው የትንኞቹ ስብጥር ነው።

በዚያው ቦታ ላይ UAA ወይም UGA ቢፈጠርስ? ፕሮቲኑ በሙሉ ርዝመቱ ከሁለት ሺህ በላይ አሚኖ አሲድ ያለው ሲሆን አራት ትልልቅ ክፍሎች ተገጣጥመው አንድ መተላለፊያ ያደርጉታል። 1014ኛው ቦታ በሁለተኛው ክፍል መጨረሻ አካባቢ ስለሚገኝ፣ ንባቡ እዚያ ቢቆም ሦስተኛውና አራተኛው ክፍል ፈጽሞ አይሠሩም። ግማሽ መተላለፊያ ሶዲየም አያስተላልፍም፤ ሕዋሱም ያለ ቦታው ማቆሚያ ያለበትን ኤምአርኤንኤ ብዙውን ጊዜ ለይቶ ያፈርሰዋል። በፍራፍሬ ዝንብ ላይ ይህ ጂን ከነጭራሹ ሥራ ሲያቆም ዝንቧ በሕይወት እንደማትቆይ ይታወቃል። ሁለቱም የጂን ቅጂዎቿ እንዲህ የተቆረጡባት ትንኝ በሕይወት እየበረረች ትያዛለች ብሎ መጠበቅ አይቻልም። ሰንጠረዡ ኖንሴንስንም ሚስሴንስንም በእኩል ደረጃ «ሊሆኑ የሚችሉ» አድርጎ ያሳየናል፤ በመስክ የምናገኘው ግን በሕይወት የተረፉትን ብቻ ነው።

ሆኖም «ኖንሴንስ ሁልጊዜ ከሚስሴንስ ይከፋል» ብለውም አይደምድሙ። ማቆሚያው የመጣው በፕሮቲኑ መጨረሻ ጥቂት አሚኖ አሲዶች ሲቀሩ ከሆነ፣ ወይም ፍጡሩ ሌላ ጤነኛ ቅጂ ካለውና ግማሽ መጠን የሚበቃው ከሆነ፣ ውጤቱ ቀላል ሊሆን ይችላል። በአንጻሩ አንድ ሚስሴንስ የፕሮቲኑን ዋና የሥራ ቦታ ቢመታ ከባድ ይሆናል። ስለዚህ ኖንሴንስ ሲያገኙ ወዲያው መጠየቅ ያለብዎት «በስንተኛው ኮዶን ላይ፣ ከስንት ውስጥ?» የሚለውን ነው።

የላቦራቶሪ ተማሪ ስለሆኑ፣ ይህ ንባብ ከወረቀት ወደ መሣሪያ ስክሪን ሲዞር የሚያሳስቱትን ነገሮች ማወቅ ይጠቅምዎታል። አንደኛው፣ ሲኩዌንሲንግ ከተቃራኒው ክር ሲደረግ ስክሪኑ ላይ የሚታየው የኮዲንጉ ክር ተጣማሪና ግልባጭ ነው። በዚያ ንባብ TTA የሚታየው TAA ሆኖ ነው፤ TTT የሚታየው AAA ሆኖ፤ TCA ደግሞ TGA ሆኖ። ሳያስተውል በቀጥታ ወደ ሰንጠረዡ የሄደ ሰው ጤነኛዋን ትንኝ ማቆሚያ ኮዶን ያላት፣ ፊናይልአላኒን ያላትን ላይሲን ያላት፣ ሴሪን ያላትን ደግሞ እንደገና ማቆሚያ ያላት አድርጎ ይመዘግባታል። መለያው ግልጽ ነው፦ በሕይወት ከተያዘች ትንኝ፣ ለሕይወት አስፈላጊ ከሆነ ጂን መካከል ማቆሚያ ካነበቡ፣ ግኝት አገኘሁ ከማለትዎ በፊት ክሩን፣ አቅጣጫውንና ማዕቀፉን እንደገና ይመርምሩ። ዙሪያውን ያሉት ኮዶኖች ግላይሲን፣ አስፓራጂን፣ ከዚያ የእኛ ቦታ፣ ከዚያ ቫሊን ካልሆኑ፣ ያነበቡት ትክክለኛውን መስመር አይደለም።

ሁለተኛው፣ ትንኟ ከእናትና ከአባቷ የወረሰቻቸው ሁለት ቅጂዎች ሊለያዩ ይችላሉ። አንዱ TTA ሌላው TTT ሲሆን፣ በስክሪኑ ላይ በሦስተኛዋ ቤዝ ቦታ የAና የT ሁለት ጉልላቶች በአንድነት ተደራርበው ይታያሉ፤ ፕሮግራሙም W ብሎ ይጽፋል፣ ወይም ግራ ተጋብቶ N ይላል። TTWን እንደ አንድ ኮዶን ማንበብ አይቻልም፤ ሁለት ኮዶን ናቸው፣ ለየብቻ ይነበባሉ፣ ውጤቱም «ሉሲንና ፊናይልአላኒን» ተብሎ ይመዘገባል። እንዲህ ያለችው ትንኝ መድኃኒቱን እንደምትቋቋም አድርገው አይቁጠሩ፤ የዚህ ለውጥ ባሕርይ ወደ ተደባቂነት ያደላ በመሆኑ፣ አንድ ቅጂ ብቻ ያላት ትንኝ የምታገኘው ጥበቃ ሁለት ቅጂ ካላት በእጅጉ ያነሰ ነው። የትኛው ቅጂ በየትኛው ላይ እንደሚያይል ሰንጠረዡ ምንም አይናገርም።

ሦስተኛው የቁጥሩ ጉዳይ ነው። 1014 የሚለው ቁጥር የተወሰደው ጂኑ ቀድሞ ከተጠናበት ከቤት ዝንብ ፕሮቲን ነው። በራሷ በአኖፊለስ ጋምቢዬ ፕሮቲን ላይ ከመጀመሪያው ሜቲዮኒን ጀምረው ቢቆጥሩ ይኸው ቦታ 995 ሆኖ ይገኛል። በጽሑፎች ላይ L1014F እና L995F የሚሉትን ሁለቱንም ያገኛሉ፤ አንድ ሚውቴሽን ናቸው። የትንኟን ቅደም ተከተል ይዘው 1014ኛውን ኮዶን በጣትዎ ቆጥረው ከሄዱ ሌላ ቦታ ላይ ይደርሳሉና፣ የማንን ቁጥር እንደተጠቀሙ ሁልጊዜ ይጻፉ።

የምመክርዎት ይህን ነው፦ ማንኛውንም እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲሠሩ ሰንጠረዡን ከመግለጥዎ በፊት ኮዲንጉን፣ ቴምፕሌቱንና ኤምአርኤንኤውን ከላይ እንዳደረግሁት በሦስት መስመር፣ 5' እና 3' እየጻፉ ያስቀምጡ፤ ለሚውቴሽኑም ሦስት መስመር በተጨማሪ ይጻፉ። ፈተና ላይ ጊዜ የሚያባክን ይመስላል፤ ግን አሁን የጠየቁኝን ስህተት የሚከላከለው ይህ ብቻ ነው። ከዚያ መልስዎን በሁለት የተለያዩ ዓረፍተ ነገሮች ይጻፉ። የመጀመሪያው ሰንጠረዡ የነገረዎትን ብቻ ይያዝ፦ «UUA ወደ UUU፤ ሉሲን ወደ ፊናይልአላኒን፤ ሚስሴንስ»። ሁለተኛው ስለ ፕሮቲኑና ስለ ትንኟ የሚያውቁትን ይያዝ፣ ከየት እንዳወቁትም ይግለጽ። ሁለቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ቀላቅሎ «ሚስሴንስ ስለሆነ መድኃኒት ትቋቋማለች» ብሎ መጻፍ ስህተት ነው፤ አብዛኞቹ ሚስሴንሶች እንዲህ አያደርጉምና።

በጃቢ ጠህናን ያለችው ትንኝ በእርግጥ አጎበሩን መቋቋም አለመቋቋሟን ማወቅ ከፈለጉ ደግሞ፣ የጂን ንባብ ብቻውን አይበቃም፤ መድኃኒቱን በሰውነታቸው ውስጥ ባሉ ኢንዛይሞች ሰባብረው የሚያስወግዱ ትንኞችም አሉና፣ እነዚህ በ1014ኛው ቦታ ላይ ንጹሕ TTA ይዘው ሊተርፉ ይችላሉ። መጀመሪያ መደረግ ያለበት የዓለም ጤና ድርጅት የቱቦ ሙከራ ነው፦ በመስክ የተሰበሰቡ ሴት ትንኞች 0.05 በመቶ ዴልታሜትሪን ከተቀባ ወረቀት ጋር ለአንድ ሰዓት ይቆያሉ፤ ሞታቸው ከ24 ሰዓት በኋላ ይቆጠራል፤ ከ90 በመቶ በታች ከሞቱ መቋቋም መኖሩ ይረጋገጣል። የሞቱትንም የተረፉትንም ለየብቻ አስቀምጠው የጂን ምርመራውን በሁለቱም ላይ ያድርጉ። TTT በተረፉት ውስጥ በዝቶ በሞቱት ውስጥ ካነሰ፣ ያ ኮዶን በእርስዎ አካባቢ ለሚታየው ነገር ድርሻ እንዳለው የሚናገሩበት ማስረጃ አለዎት፤ በሁለቱም ወገን እኩል ከተገኘ ግን ምክንያቱን ኢንዛይሞቹ ዘንድ መፈለግ አለብዎት።